የ15 ደቂቃ ደጅ ጥናት

ደጅ መጥናት በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ነገር ነው። ባለጉዳይ በጌታው ደጅ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ቆሞ ያሳልፍ ነበር፤ ብዙ መቆሙም ለጉዳዩ ክብደት እንደ ማስረጃ ይቆጠርለት ነበር። ዛሬ ደጁ በጸሐፊ ጠረጴዛና በስልክ ተተክቷል፤ የእኛ ልማድ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ከማያውቀን ትልቅ ሰው ፊት ለመቅረብ ስንነሳ ጉዳያችንን ባከበድነው መጠን የምንከበር ይመስለናል። ይህን የምለው በማንም ለመሳለቅ ሳይሆን የራሴን ስሕተት ለመናዘዝ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ለዶክትሬት ጥናቴ የማጠናው የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን ይህን ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በረቂቅነቱ ወቅት በየጠረጴዛው ምን እንደተባለ የሚያውቁ ሰዎች ግን ያን ጊዜም ጥቂቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በአንድ ድርጅት የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነው እንደሚሠሩ ሰማሁና ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ርእሱ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ አማካሪዎቼና ስለ ጥናቱ ፋይዳ ያትታል። በሁለተኛው ላይ «በሚመችዎ ጊዜና ቦታ ሰፊ ውይይት እንድናደርግ» በትሕትና እጠይቃለሁ። 23 ጥያቄዎችም አባሪ ሆነዋል።

ለሦስት ወር ያህል ስደውል መልሱ «ገና አልታየም» ነበር። ከስምንት ወር በኋላ የሰውዬውን ዜና ዕረፍት ሰማሁ። ያወቁትን ይዘው ሄዱ።

ደብዳቤውን ለአንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ አሳየኋቸው። ብዙ ዘመን በመንግሥት ቢሮ የሠሩ ሰው ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ዝም ማለት ምንም አይጠይቅም፤ እሺ ለማለት ግን ግማሽ ቀን ያስፈልጋል» አሉኝ። ከዚያም ጣታቸውን «በሚመችዎ ጊዜ» ከሚለው ሐረግ ላይ አሳረፉ። እኔ ጨዋነት ነው ብዬ የጻፍኩት፣ ለካ ሥራውን ሁሉ ለሰውዬው ያሸከመ ሐረግ ኖሯል፦ ቀን ይምረጡ፣ ቦታ ይፈልጉ፣ ርዝመቱን ይገምቱ፣ 23 ጥያቄ አንብበው ይዘጋጁ።

በግንቦት 2001 ዓ.ም. ስለዚያው አዋጅ ያውቃሉ ለተባሉ ሌላ አዛውንት የላክሁት ደብዳቤ ሙሉ ቃሉ ይህ ነበር፦

«ክቡር ሆይ፣ በአዋጅ ቁጥር 31/1967 ላይ የዶክትሬት ጥናት የማደርግ መምህር ነኝ። አዋጁ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ቁጥሩ ለምን 10 እንደሆነ በሰነድ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ሐሙስ ግንቦት 13 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወይም ማክሰኞ ግንቦት 18 ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሮዎ መጥቼ 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ እወዳለሁ። ድምፅ አልቀዳም፤ ያለ ፈቃድዎ ስምዎን አልጠቅስም። ባይመችዎ ለጸሐፊዎ ‹አይሆንም› ማለት ይበቃል፤ ደግሜ አላስቸግርም።»

ከዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚመዝነው 15ቱ ደቂቃ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን አይደለም። እንዲህ ባለ ጉዳይ አንድን ባለሥልጣን ወይም የቀድሞ ባለሥልጣን የሚያስፈራው የሚባክነው ጊዜ ሳይሆን የሚከተለው ጣጣ ነው። የማያውቁት ሰው መቅረጫ ይዞ ቢመጣስ? የተናገሩት ነገ በጋዜጣ ቢወጣስ? የአሥር ደቂቃ ቀጠሮም ቢሆን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለበት እጅግ ግዙፍ ነው። ስለ ድምፅና ስለ ስም የጻፍኩት አጭር ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን ያሳነሰው ከደቂቃው ይበልጥ ነበር።

ሁለቱ ቀናት ደግሞ እንዲሁ አልተመረጡም። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ የሚያዝበት ቢሮ ብዙ ነው፤ ዓርብም በመንግሥት ቢሮዎች የምሳው እረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ቀኑ የተቆራረጠ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፌን ልብ ይሏል፤ በዓለም አቀፍ ድርጅት ለሚሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ አጠገቡ «10:00» ብዬ እጨምር ነበር። በዚህ ምክንያት በስድስት ሰዓት ልዩነት የተሳሳቱ ቀጠሮዎችን አውቃለሁ። ምሳ ልጋብዝዎ ማለትስ? ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ከ15 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት ያሳድገዋል፣ ጾም መሆን አለመሆኑን ያስጠይቃል፣ ከፋዩ ማን ነው የሚል ግብግብም ያመጣል። በቢሯቸው ከሆነ ሲሰለቻቸው ከመቀመጫቸው በመነሣት ብቻ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ።

ደብዳቤውን ካስገባሁ በኋላ ለጸሐፊያቸው ደወልኩ። ወይዘሮዋ «ጉዳይዎ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ስለ መሬት አዋጁ አንድ ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ» አልኳቸው። የባልደረባዬ መፈተኛ ይህ ነበር፦ ጸሐፊዋ በር ከፍተው በአንድ ትንፋሽ ሊደግሙት የማይችሉት ጥያቄ ገና አልተቀነሰም ማለት ነው። በማግስቱ ሐሙስ ይሁን ተባልኩ።

«በማን በኩል ነው የመጣኸው?» የሚለው የአገራችን ጥያቄ አይቀርምና እርሱንም ላንሣ። አማላጅ መላክ ጥያቄውን ያሳንሳል ብለን እናስባለን፤ ብዙውን ጊዜ ያተልቀዋል፤ ሰውዬው እኔን እምቢ ሲሉ አማላጁንም ማስቀየም ይሆንባቸዋልና። የሚሻለው ከሚያውቃቸው ሰው ስሙን ለመጥቀስ ብቻ ፈቃድ ማግኘት ነው። ማንነቴን ለማጣራት ከፈለጉ የሚደውሉለት ሰው አለ፤ የውለታ ሸክም ግን የለም።

ሐሙስ ዕለት 15 ደቂቃው ሲሞላ ደብተሬን አጥፌ ተነሣሁ። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና «የት ልትሄድ ነው? ተቀመጥ እንጂ!» አሉ። 50 ደቂቃ ቆየን። የነገሩኝን ግን ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለነገሩኝ እስከ ዛሬ በስማቸው አልጻፍኩትም። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ በሌላ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው በ12ኛው ደቂቃ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን ተራው የእኔ ሆኖ ደጄን የሚያንኳኩ አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት 10 ደቂቃ ብሎ ገባና ከቦርሳው 140 ገጽ ረቂቅ አውጥቶ «አንብበው አስተያየት ይስጡኝ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ይጻፉልኝ» አለኝ። ረቂቁን አልጠላሁትም፤ የተከፋሁት የ10 ደቂቃው ወጥመድ መሆኑን ስረዳ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያውኑ ይህንኑ ይበል፤ ትልቁ ጉዳይ ትልቅ ነው፣ በትንሽ ቀጠሮ ተጠቅልሎ አይገባም። እርሱ ግን ቢጠይቀኝ ኖሮ አንድ ምዕራፍ በደስታ አነብለት ነበር። ይህንኑ ነግሬው የትኛውን ምዕራፍ እንደሚመርጥ ስጠይቀው ለአፍታ አሰበና ሦስተኛውን ከመካከል ነቅሎ ሰጠኝ፤ 22 ገጽ ነበር።