መግሪብ ሲደርስ የሚጀምረው ለቅሶ



ጓደኞቼ ሲያገቡ የሚጠይቁኝ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኒካሕ ድግስ ነው። ከወለዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ ይደውላሉ፤ «ወላሂ ልጁ ማታ ማታ አላስተኛን አለ፣ ምን ሆኖ ነው?» ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው።

የኛዋን የጀመራት በ3ኛ ሳምንቷ ነው። ቀን ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ደህና ናት። ልክ የመግሪብ አዛን ካለ በኋላ ፊቷ ይቀላል፣ እጇን ትጨብጣለች፣ እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትጮኻለች። ጡት ሲሰጣት ትገፋለች። የምንኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ የይፋትን ቆላ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮው ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ብለን ልብሷን አቀለልን፣ ለብ ባለ ውሃ አጠብናት። ትንሽ ቀለል አላት እንጂ አላቆመችም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ትኩሳት የላትም፣ ክብደቷም በደንብ ጨምሯል። ነርሷ «ኮሊክ ነው» አለችን። እየጠባና እየፋፋ ያለ ጤነኛ ሕፃን ያለ ግልጽ ምክንያት በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ ሲያለቅስ ማለት ነው። ምክንያቱን ሐኪሞችም እስካሁን አልቆረጡትም፤ አካሄዱን ግን በደንብ ያውቁታል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይለቃል።

እኔን የያዘኝ ይህ አካሄድ ነው። ለቅሶው የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በ3ኛው ሳምንት ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር፤ በ6ኛው ከምሽቱ 12:30 እስከ 4:30፤ በ9ኛው ወደ ሁለት ሰዓት ተመለሰ። በዚያ ሌሊት መሀል «ማለቂያ የለውም» ያልከው ነገር ወደ ታች ሲወርድ በዓይንህ ታያለህ።

ከማባበያው የሠራልን ይህ ነው። ሆዷን በክንዴ ላይ አስተኝቼ፣ ጭንቅላቷን ክርኔ አጠገብ ደግፌ፣ በሌላው እጄ ጀርባዋን እየመታሁ በግቢው ቀስ ብሎ መሄድ። (በዚህ አያያዝ የምትቆየው እንደነቃች ብቻ ነው፤ ስትተኛ በጀርባዋ ነው።) ቬንትሌተሩን ወደ እሷ ሳናዞር ድምፁን ብቻ ማሰማት። አማቴ ደግሞ ደረቷ ላይ አስጠግታ መንዙማ በዝግታ ታንጎራጉርላታለች፤ ከሁላችንም የተሻለ የሚሳካላት እሷ ናት። ሕፃኑን የሚያረጋው ወጥ የሆነ ዝቅ ያለ ድምፅና እንቅስቃሴ ነው። በየሁለት ደቂቃው ዘዴ መቀያየር ያባብሰዋል፤ አንዱን ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሞክሩት። አጥብቆ መጠቅለል በሌላ አገር ይመከራል፤ በኛ ሙቀት ግን አልሞክረውም።

ጎረቤት ምክር አይሰስትም። ቅቤ አልሷት፣ ስኳር ውሃ፣ አብሽ ስጧት ተባልን። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልጋትም፤ ውሃም ቢሆን። ከፋርማሲ የሚገዛው ግራይፕ ዋተርም ኮሊክን እንደሚያቆም አልተረጋገጠም። የከፋው «ግግ ነው፣ አስወጡላት»፣ «እንጥሏን አስቆርጡ» የሚለው ነው። ባልታጠበ ምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። አማቴ ራሷ «ልጄን አትንኩብኝ» ብላ በር ላይ መልሳቸዋለች፤ አላህ ይጠብቅልን።

አሁን ስለ እኛ ስለ ወላጆቹ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ስታጠባ ስለምትውል ከመግሪብ እስከ ዒሻ ተራው የኔ ነበር፤ እሷ ጎረቤት ቤት ሄዳ ጋደም ትላለች። ለቅሶው በማይሰማበት ማረፍና እዚያው ክፍል ውስጥ ማረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ቤት የሌለ ዕለት ደግሞ ጥርስህን ስትነክስ፣ እጅህ ሲጠነክር ከተሰማህ፣ ልጁን በጀርባው ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት አስተኝተህ ውጣ። አምስት፣ አሥር ደቂቃ ደጅ ላይ ተንፍስ፣ ውዱእ አድርግና ተመለስ። በአሥር ደቂቃ ለቅሶ ጤነኛ ሕፃን አይጎዳም። መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፤ ዓይነ ስውር ያደርጋል፣ ይገድላልም።

ሁሉም ለቅሶ ኮሊክ አይደለም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ የኛ አገር የወባ አገር ነውና የደም ምርመራም ጠይቁ። አረንጓዴ ትውከት፣ ሰገራው ላይ ደም፣ ያበጠ እርግብግቢት፣ ጡት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ ወይም ድምፁ ደክሞ ማቃሰት ከሆነ ባጃጅ ጥሩ። ሽንቱም በቀን ከስድስት ጊዜ ካነሰ ለሐኪም ይነገር። ደግሞ ለቅሶው ድንገት ከወትሮው ሌላ ከሆነባችሁ ልብሱን አውልቃችሁ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እዩ፤ ከእናት ራስ የወደቀ አንዲት ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥማ ደም ልትከለክል ትችላለች።