የሌለንን አምስት ዓመት ስንሰርዝ



በአንድ ዶርም የምንኖር ሁለት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ክረምት አንዳችን ለፍሪላንስ ሥራ ፕሮፋይል ከፈተ፤ ራስን የማስተዋወቂያውን ቪዲዮ ስክሪፕት ግን አብረን ጻፍነው።

የመጀመሪያው «የአምስት ዓመት ልምድ ያለኝ ዴቨሎፐር ነኝ» ብሎ ይጀምርና የዘጠኝ ቴክኖሎጂዎችን ስም ይደረድራል። አምስቱ ዓመት ሃይስኩል ሳለን ኮድ መነካካት ከጀመርንበት ቀን የተቆጠረ ነው። አንድ ደንበኛ ቪዲዮውን አይቶ ደወለ። «ከአምስት ዓመት በፊት የሠራኸውን አሳየኝ» ሲል የምናሳየው አጣን። አመስግኖ ዘጋው፤ ዳግምም አልጻፈም። የቆጨን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የምናሳየው አንድ እውነተኛ ሥራ እያለን በስክሪፕቱ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሳም ነበር።

ለሁለተኛው ጊዜ ብዕር አላነሳንም። አንዳችን «ለመድኃኒት ቤቱ የሠራኸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው በአማርኛ ሲያወራ በስልክ ቀዳነው። የተናገረውን እንዳለ ጽፈን ወደ አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መለስነው። ከዚያ ድምፅ አውጥተን አነበብነው። ትንፋሽ ያጠረበትን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈልነው፤ ስናወራ የማንጠቀምበትን ቃል አወጣነው። ከ200 ቃላት በላይ የነበረውን አንድ ደቂቃ ውስጥ ለማስገባት መሮጥ ነበረብን፤ ወደ 125 ቃላት ሲወርድ ግን ሳንቸኩል ተናገርነው።

ከስሙ ቀጥሎ ያለው በአማርኛ እንዲህ ይላል፦

«ለአነስተኛ ሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። የአራተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ መድኃኒቶቹ የሚያበቁበትን ቀን በደብተር ይመዘግብ ነበር፤ አንዳንዱ ሳያየው ያልፍበታል። አሁን ጠዋት ሲከፍት 90 ቀንና ከዚያ በታች የቀራቸውን በዝርዝር ያገኛል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም መመዝገብ ይችላል፤ መስመሩ ሲመለስ መረጃው ራሱ ይላካል። የሞባይል መተግበሪያ ገና አልሠራሁም። ከእኔ ጋር ሲሠሩ የተሠራውንና የቀረውን በየቀኑ እጽፍልዎታለሁ፤ በየሳምንቱም ራስዎ የሚሞክሩት ሊንክ እልክልዎታለሁ። አሁን የሚያስቸግርዎትን ይጻፉልኝ፤ የምችለው ከሆነ ከየት እንደምጀምር እነግርዎታለሁ።»

የተከራከርነው በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው፤ ተማሪ መሆናችንንና ሞባይል አለመሥራታችንን በሚናገሩት። አንዳችን «ይሄማ ደንበኛ ያባርራል» አለ። ሌላው «የሚሄደው እኮ በጥሪው ላይ መሄዱ የማይቀረው ነው» ብሎ መለሰ። አስቀረናቸው። አንድ ሰው የማይችለውን በራሱ አፍ ሲናገር፣ እችላለሁ ያለውን ለማመን ይቀላል። የመድኃኒት ቤቱን ስም ግን አልጠራንም፤ ባለቤቱን አላስፈቀድንም ነበር።

አንድ ስህተት ደግሞ ለጥቂት አመለጠን። ዓርብ ለጁምዓ እንደማንገኝ ከፕሮፋይሉ የሥራ ሰዓት ላይ ስንጽፍ «ከ6 እስከ 8» ብለን ነበር። የውጭ ደንበኛ ይህን ሲያነብ ማለዳ ይመስለዋል፤ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 12 እስከ 2 ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ ሰዓት። አስተካከልነው። የማንገኝበትን ሰዓት አስቀድሞ መናገር፣ መልእክት ልኮ ሁለት ሰዓት ከመጠበቅ ደንበኛውን ያድነዋል።

ስንቀርጸው ስክሪፕቱን በቃል አልሸመደድንም። በመጀመሪያው ቪዲዮ ዓይናችን ከወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ይታይ ነበር። አሁን «ሱቅ፣ ደብተር፣ በየቀኑ፣ ይጻፉልኝ» የሚሉ አራት ቃላት ብቻ ጽፈን ከስልኩ ካሜራ አጠገብ ለጠፍን። ቃሉ በየቅጂው ትንሽ ይለያያል፤ ሦስተኛውን ቅጂ ወሰድን። አንድ ቦታ ላይ ምላስ ይደናቀፋል፤ አልቆረጥነውም።

ቪዲዮው ብቻውን ሥራ አላመጣም፤ ማመልከቻ መላኩ አልቀረልንም። የተለወጠው ጥያቄው ነው። የመለዋወጫ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ሲደውል ስለ ዓመታት አልጠየቀም። «ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ሁለት ሠራተኞች አንዱን ዕቃ ቢሸጡትስ?» አለን። ይህን እኛም በመድኃኒት ቤቱ ተቸግረንበት ስለነበር ግማሽ ሰዓት አወራን። ትንሽ ሥራ ሰጠን፤ አልሐምዱሊላህ።

ስክሪፕት ለምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች የምናካፍለው አንድ መፈተኛ አለን። ሶፍትዌር ለማያጠና ሰው ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩትና ምን እንደምትሠሩ ጠይቁት። ሕግ የምታጠና እህታችን የመጀመሪያውን አይታ «የኮምፒውተር ነገር ነው» ነበር ያለችው። ሁለተኛውን ስታይ ግን «ያ ሰውዬ ደብተሩን ጣለው ወይ?» ብላ ጠየቀችን።