ለማያውቁት ጠበቃ ስለ ትርጉም ሥራ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ የትርጉም ቤቶች፣ ከአላፊ አግዳሚው ባለጉዳይ ገጽ እየቆጠሩ ከመቀበል ይልቅ ሥራ ከማይታጣበት ከአንድ ድርጅት ጋር የዓመት ውል መግባት እንደሚበልጥ ተረድተው፣ ከዚህ በፊት ወደማያውቋቸው የጥብቅና ቢሮዎች ደብዳቤ መላክ ጀምረዋል። እኔም በጥብቅናው ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው እንደ መሆኔ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ጥቂት የማይባሉትን አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ትጉሃንና ልሳን አዋቂዎች ሆነው ሳለ፣ ደብዳቤዎቻቸው መልስ ሳያገኙ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ለነጋዴ ሊጻፍ የሚገባውን ለጠበቃ ስለሚጽፉ ነው።

ነጋዴ የደንበኞችን ስም ዝርዝር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ብዙ ሰው የገዛውን ዕቃ እርሱም ሊገዛ ይደፍራልና። ጠበቃ ግን የደንበኛውን ምሥጢር እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ «ለእገሌ ባንክ፣ ለእገሌ ተቋራጭ፣ ለእገሌ የጥብቅና ቢሮ ተርጉመናል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ነገ በሌላው ጠበቃ ጠረጴዛ ላይ የእርሱ ደንበኛ ስም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ይታየዋል። የነፍስ አባት ማን ማን ንስሐ እንደ ገባ በአደባባይ ቢዘረዝር፣ ኃጢአታቸውን ባይናገር እንኳ፣ ከዚያ በኋላ ወደ እርሱ የሚቀርብ የንስሐ ልጅ አይኖርም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለናሙና ብለው እውነተኛ ውል አያይዘው የሚልኩት ናቸው፤ ስሞቹን በጥቁር ሸፍነናል ይላሉ፣ ነገር ግን ሽፋኑ በፒዲኤፉ ላይ የተደረበ ጥቁር ሣጥን ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ መርጦ ወደ ሌላ ገጽ የሚገለብጥ ሁሉ የተዋዋዮቹን ስምና የገንዘቡን ልክ ሳይቸገር ያነበዋል። ለናሙና የሚሆነው ተርጓሚው ራሱ የደረሰው፣ ስሙም ገንዘቡም ልብ ወለድ የሆነ ውል ነው።

ከምሥጢር ቀጥሎ ጠበቃ የሚፈራው የጥቅም ግጭትን ነው። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለ አንድ የትርጉም ቤት የከሳሹን ማስረጃ ጠዋት፣ የተከሳሹን ማስረጃ ከሰዓት በኋላ ተቀብሎ ቢተረጉም፣ ተርጓሚው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ የሁለቱ ወገኖች ወረቀት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን አደረ ማለት ነው። ስለዚህ «ሰነድዎን ይላኩልን» ከሚለው አስቀድሞ «የባለጉዳዮቹን ስም ብቻ ይንገሩን፤ ለሌላው ወገን ሠርተን እንደ ሆነ እንመርምር» የሚል ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ ቢገኝ፣ ከእኔ ዘንድ የክብር ሥፍራ ያገኛል። እስከ ዛሬ ይህን የጻፈልኝ አላጋጠመኝም።

የማያቋርጠው ሥራ የትኛው እንደ ሆነም ደብዳቤው ለይቶ ሊያውቅ ይገባል። የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ስለ ደነገገ፣ የውጭ ባለሀብት በዚህ አገር ማኅበር ሲመሠርት የእናት ኩባንያው የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የመመሥረቻ ጽሑፉ፣ የቦርዱ ውሳኔና ለጠበቃው የሰጠው የውክልና ሥልጣን ወደ አማርኛ መመለሳቸው ግድ ይሆናል። እነዚህ አራቱ በየባለሀብቱ ይደጋገማሉ፤ ቃላቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የክርክር ማስረጃ ግን አንድ ወር ይጎርፋል፣ ሁለት ወር ይነጥፋል። እንግዲህ የዓመት ውል የሚፈልግ ተርጓሚ «የሕግ ሰነዶችን ሁሉ እንተረጉማለን» ከሚል ይልቅ እነዚህን አራቱን ስም ጠርቶ ቢያቀርብ፣ ጠበቃው ጸሐፊው ሥራውን እንደሚያውቅ ወዲያው ይረዳል።

ማወቁ የሚፈተነው ደግሞ በጥቃቅኑ ነው። ልብ ወለዱ ናሙና ሲደርሰኝ አስቀድሜ የማየው ቀኑን ነው። ክፍያው እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፈጸም የሚል የአማርኛ ውል በእንግሊዝኛው «ሴፕቴምበር 30» ተብሎ ቢገኝ፣ ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነውና፣ ባለዕዳው አሥር ቀን ተነጥቆ የመዘግየት ቅጣት ያለ በደሉ ሊቆጠርበት ነው። ያው መስከረም 30 በ2016 ዓ.ም. ሲሆን ግን ኦክቶበር 11 ላይ ይውላል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የጳጉሜን ወር ስድስት ቀን ነበረውና። ይህችን የአንድ ቀን ፈቀቅታ የሚያውቅ ተርጓሚ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ማየት ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ የማየው ውሉ ሕግ የሚጠቅስበትን ቦታ ነው። የእንግሊዝኛው ውል የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1731 ቃል በቃል ካሰፈረ፣ ጥሩ ተርጓሚ ያን አንቀጽ ከራሱ አይተረጉምም፤ በ1952 ዓ.ም. ከታተመው የአማርኛ ሕግ ቃሉን እንዳለ ይገለብጣል፣ ዳኛው የሚያነበው ያንኑ ነውና።

ስለ ዋጋ ብዙ መናገር አያሻም፤ ብቻ «በገጽ ይህን ያህል» ብሎ መተው ለጠብ በር መክፈት ነው። ገጽ ማለት ስንት ቃል እንደ ሆነ፣ ቃሉም ከምንጩ ይቆጠር ወይም ከትርጉሙ፣ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ እንግሊዝኛ በብዙ ቃል የሚገልጸውን አማርኛ በአንድ ግሥ ጠቅልሎ ስለሚናገረው፣ ያው ሰነድ በሁለቱ ልሳን ሲቆጠር እኩል አይመጣም።

እኔ በጸሐፊው ቦታ ብሆን ኖሮ እንዲህ ብዬ በጻፍሁ፦

«የተከበሩ ጠበቃ፣ ድርጅትዎ ለውጭ ባለሀብቶች ማኅበር የመመሥረት አገልግሎት እንደሚሰጥ ተረድተን ይህን ጻፍን። ሦስት ተርጓሚዎች ነን፤ የምንሠራውም የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ የቦርድ ውሳኔና የውክልና ሥልጣን ነው። ሰነድ ከመቀበላችን በፊት የባለጉዳዮቹን ስም ብቻ ጠይቀን፣ የጥቅም ግጭት ቢኖር ምክንያቱን ሳንዘረዝር ሥራውን እንመልሳለን። የደንበኞቻችንን ስም ለማንም ስለማንናገር ለእርስዎም አልጻፍንም። ዋጋችን ከምንጩ 250 ቃል እንደ አንድ ገጽ ተቆጥሮ፣ ልብ ወለድ ናሙናችንም ከምሥጢር ጥበቃ ስምምነት ረቂቅ ጋር ተያይዘዋል። አንድ አጭር ሰነድ በክፍያ ሰጥተው ቢፈትኑን፣ የዓመቱን ውል ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።»

«በክፍያ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ አስገብቼዋለሁ፤ በነጻ የሚሠራ ሙከራ ከሁሉ በኋላ እንደሚሠራ፣ ተጠያቂም እንደሌለው ጠበቃ ያውቃል። የማይጻፈው ደግሞ «ትርጉማችንን ፍርድ ቤት ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል» የሚለው ነው፤ ተቃራኒው ወገን ትርጉሙን ሊቃወም፣ ችሎቱም በሌላ ተርጓሚ እንደገና ይተርጎም ብሎ ሊያዝዝ ይችላልና፣ ተርጓሚ ሊገባ የሚችለው ቃል ስሕተት ሲገኝ በዚያው ቀን ያለ ክፍያ እንደሚያርም ነው።

ደብዳቤው በኢሜይል ቢሄድም፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ በእጅ ደርሶ ተቀባዩ ቢፈርምበት አይከፋም፤ በቴሌግራም ግን ናሙናም ቢሆን መላክ የለበትም፣ ሰነድ እንደዚያ የሚልክ ሰው የእኔንም እንደዚያ ይልከዋል ያሰኛልና። የሚላክበት ጊዜም የክርክሩ ጥድፊያ ጋብ ሲል፣ ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ለዕረፍት ሲዘጉ ቢሆን ይመረጣል። ከዐሥር ቀን በኋላ መልስ ከሌለ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና ማስታወስ ይገባል፤ ማስታወሻውም ለቢሮው አለቃ ሳይሆን ሰነዶቹን በእጁ ለሚያመላልሰው ወጣት ጠበቃ ቢጻፍ ይሻላል፤ በሌሊት ቁጭ ብሎ የቦርድ ውሳኔ የሚተረጉመው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነውና።