አንድ ሰው፣ ሦስት ትውውቅ

«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» የምትለው አጭር ጥያቄ ስንቱን አዋቂ አፉን እንዳስያዘችው ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። በአገራችን ወግ ሰውን ማስተዋወቅ የሌላ ሰው ሥራ ነው። አንድ ሽማግሌ ወይም ወዳጅ ስማችንንና ሙያችንን ይናገርልናል፤ እኛ አንገታችንን ደፋ አድርገን እናዳምጣለን። እዚህ ግን ተናጋሪዎቹ እኛው ነን።

እኔ በዴንቨርና በአውሮራ ታክሲ እነዳለሁ። ቀደም ሲል በደብረ ታቦር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። በአንድ ወር ውስጥ ይህንኑ ታሪኬን በሦስት ቦታ መናገር ነበረብኝ። የትኛውን የት እንዳስቀደምኩ ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው ወደ መምህርነት ለመመለስ ያመለከትኩበት የነጻ ትምህርት ዕድል ኮሚቴ ነው። የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነበር። በእኛ ጨዋነት «ቤተ ሙከራ ስላልነበረን መሣሪያ ሠራን» እንላለን። «እኔ እኔ» ማለት ጉራ ነዋ! ኮሚቴው ግን ገንዘቡን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ «ሰባ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ከአሮጌ ባትሪና ከሽቦ የኤሌክትሪክ መማሪያ ሠራሁ፤ ሁለት ባልደረቦቼ ረዱኝ። ዛሬ ታክሲ እየነዳሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ይህ ዕድል የማስተማር ፈቃድ የማገኝበትን ትምህርት ይሸፍንልኛል።» የራስን ሥራ ለይቶ መናገር የሌላውን ድርሻ መካድ አይደለም። ከጠያቂዎቹ አንዱ «አንተ ራስህ የሠራኸው የቱን ነው?» ካለ፣ «እኛ» የምትለው ቃል እናንተን እንደሸፈነቻችሁ ዕወቁ። ዓመተ ምሕረትም አትዘንጉ። እኔ የተመረቅሁት ሐምሌ 1993 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2001 ማለት ነው። የአፋችሁ ቃልና ማስረጃችሁ በስምንት ዓመት ከተለያዩ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን የማያውቅ ሰው የሚጠረጥረው እናንተን ነው።

ሁለተኛው የኩላሊት እጥበት የሚሰጥ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ነበር። የፈለግሁት ታካሚዎችን የማመላለስ ውል ነው። እዚህ ቦታ የሰባዎቹ ተማሪዎች ታሪክ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚቀድመው የባለጉዳዩ ችግር ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ እጥበትም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንዱ ቢዘገይ የሚቀጥለው ተራ ይዛባል። ስለዚህ «ታካሚዎችዎን በሰዓታቸው አድርሼ እጥበቱ ሲያበቃ የምመልስ ሾፌር ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ የመኪናዬን ዓይነት፣ ፈቃዴንና ኢንሹራንሴን ነገርኳቸው። መምህርነቴን ያነሣሁት በመጨረሻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዐሥራ አንድ ዓመት በደወል ስለኖርኩ ሰዓት አከብራለሁ።» ስሜንም በመንጃ ፈቃዴና በኢንሹራንስ ወረቀቴ ላይ እንደተጻፈው ተናገርኩ። ለእኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ባይሆንም፣ ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን የምታመሳክረው በእሱ ነውና። ትውውቁ መልካም እንደነበር የሚታወቀው ሰውየው «ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓትስ ትደርሳለህ?» ብሎ ስለ ሥራው መጠየቅ ሲጀምር ነው። «ታዲያ ምን ልርዳህ?» ካለ ግን፣ የመጣንበት ጉዳይ ገና አልተሰማም።

ሦስተኛው በአውሮራ የአንድ እድር ስብሰባ ነው። እዚያ ዲግሪም መኪናም አይቀድምም። ታላላቆችን እጅ ከነሣሁ በኋላ፣ ስሜን ከነአባቴ ተናግሬ እንዲህ አልኩ፦ «ያመጡኝ እኒህ ጋሼ ናቸው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ሌሊት ስለምሠራ ስልኬ አይዘጋም፤ ከኤርፖርት እንግዳ ለማምጣትም፣ ለቅሶ ቤት ሰው ለማድረስም አለሁ።» እድር የሚሻው በክፉ ቀን የሚደርስ ሰው ነውና ይህ ይበቃል። «አገርህ የት ነው?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። በዚህ ዘመን ጥያቄው ከናፍቆት ይሁን ወገን ከመለየት የመጣ ለማወቅ ይቸግራል። እኔ የምመልሰው ያስተማርኩበትን ከተማ ነው። ጠያቂው ከተማውን የሚያውቅ ከሆነ ጨዋታው ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ተማሪዎቹ ይሆናል፤ ሌላ ነገር የፈለገም ከሆነ ከዚያ አላልፍለትም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሦስት ፊት መያዝ አይደለምን? ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሚለወጠው ቅደም ተከተሉና መጠኑ እንጂ እውነቱ አይደለም። ለኮሚቴው ርእሰ መምህር ነበርኩ ብል፣ ለባለጉዳዩ አምስት መኪና አለኝ ብል፣ ያ ሌላ ሰው ነው። እኔ የምጠቀመው መለኪያ ቀላል ነው። የኮሚቴው አባል፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅና የእድሩ ዳኛ ከታክሲዬ የኋላ ወንበር አብረው ቢቀመጡና ስለ እኔ ቢጫወቱ፣ አንዱ የሌላውን ወሬ ይሞላለታል እንጂ «እሱ እንዲህ አላለኝም» ብሎ አይከራከርም።