ከፍጻሜው በፊት የሚሸጥ ትኬት

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ቆሟል። በ50 ብር የቆረጠው ትኬት አምስት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን የያዘ ሲሆን አራቱ እንደ ግምቱ ተጠናቀዋል። አምስተኛው 70ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል፤ ያሸንፋል ያለው ባለሜዳ ቡድንም 1 ለ 0 ይመራል። ውጤቱ ከጸና፣ ግብር ሳይታሰብ፣ 4,200 ብር ያገኛል። በስልኩ ገጽ ላይ ግን ሌላ ቁጥር ይነበባል፦ ካሽ አውት 3,090 ብር። ወጣቱ የወሩን የቤት ኪራይ ገና አልከፈለም።

ብዙዎች ይህን ቁጥር ቤቱ በችሮታ የሚሰጠው የማምለጫ ዕድል አድርገው ያዩታል። በተግባር ግን ግዢ ነው፤ ቤቱ ቀድሞ የሸጠውን ትኬት መልሶ እየገዛ ነው። እንደ ማንኛውም ነጋዴም የሚሸጥበትና የሚገዛበት ዋጋ አንድ አይደለም።

የትኬቱን ፍትሐዊ ዋጋ ለማወቅ የሚከፈለውን ገንዘብ ቡድኑ በሚያሸንፍበት ዕድል ማባዛት ይበቃል። አስቸጋሪው ዕድሉን ማወቅ ነው። በዚያች ደቂቃ ቤቱ ለአዲስ ተወራራጅ ያቀረበው ኦድ ለባለሜዳው ማሸነፍ 1.18፣ ለአቻ 5.50፣ ለእንግዳው ማሸነፍ 23 ነበር። አንዱን ለየኦዱ ሲያካፍሉት 84.7፣ 18.2 እና 4.3 በመቶ ይገኛል። ድምሩ 107.2 ነው። ከሦስቱ ውጤቶች አንዱ ብቻ ስለሚሆን እውነተኛው ድምር ከመቶ አያልፍም፤ ትርፉ 7.2 ቤቱ በሽያጭ ዋጋው ላይ የጨመረው ነው። ስለዚህ 4,200ን ለ1.18 አካፍሎ «ትኬቴ 3,559 ብር ያወጣል» የሚል ተወራራጅ ይሳሳታል፤ የሻጩን ዋጋ እንደ ገበያው እውነት ወስዷልና። 84.7 ለ1.072 ሲካፈል የባለሜዳው ዕድል ወደ 79 በመቶ ይወርዳል፤ ፍትሐዊው ዋጋም 3,318 ብር ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቤቶች ትርፋቸውን አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ዕድል ባላቸው ውጤቶች ላይ አብዝተው ስለሚጭኑ የመሪው ቡድን እውነተኛ ዕድል ከ79 ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል።

ከ3,318 እስከ 3,090 ያለው 228 ብር የቤቱ ሁለተኛ ትርፍ ነው። የመጀመሪያው ትኬቱ ሲቆረጥ በአምስቱም ኦዶች ውስጥ ተከፍሏል። ወጣቱ መሸጫውን ከነካ በመግቢያም በመውጫም ይከፍላል ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታዎች ሳያልቁ ቢሸጥ ደግሞ ቅናሹ በእያንዳንዱ ቀሪ ጨዋታ ላይ ሊደራረብ ይችል ነበር።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። የቤቱ ዋጋ የሚቀመጠው ከስታዲየም በቀጥታ በሚደርስ መረጃ ሲሆን በቴሌቪዥን የሚታየው ምስል ግን በሰከንዶች ዘግይቶ ይመጣል። ተወራራጁ መሸጫውን ሲነካ ጥያቄው ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል፤ በዚያ መካከል ጎል ቢቆጠር ወይም ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጥ ዋጋው ይታገዳል፣ ወይም በአዲስ ይተካል። ተወራራጁ ግን የነካውን መሻር አይችልም። ይህ ቢሆንም ቤቱ ለሚቀርበት ስጋት ቅናሹን አይተወውም።

ያም ሆኖ ወጣቱ ሌላ መንገድ ነበረው። በዚያው ቤት፣ በዚያው ኦድ፣ 764 ብር በአቻ፣ 183 ብር በእንግዳው ማሸነፍ ላይ ቢያስይዝ፣ የትኛውም ውጤት ቢመጣ እጁ የሚገባው 4,200 ብር አካባቢ ነው። ያስያዘው 947 ብር ሲቀነስ 3,253 ብር ገደማ ይቀርለታል፤ ከካሽ አውቱ በ163 ብር ይበልጣል። ነገር ግን 947 ብር በኪሱ አልነበረም። ቅናሹ በብዛት የሚያርፈው እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው። ኪራይ ለሚጠብቀው ሰው ከ5 ዕድል አንዱን ያህል የሚሆን ባዶ እጅ የመቅረት ስጋትን በ228 ብር ማስወገድ የግድ ሞኝነት አይደለም፤ ዋጋው የመድን ክፍያ መሆኑን አውቆ ከከፈለ።

ወጣቱ በ74ኛው ደቂቃ ነካው። ገጹ ለጥቂት ሰከንዶች ተሽከረከረ፤ በዚያ ቅጽበት ለእንግዳው የማዕዘን ምት ተሰጥቶ ነበርና 3,010 ብር የሚል አዲስ ዋጋ መጣ። ተቀበለው። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ ይህ ግን ስለ ዋጋው ትክክለኛነት የሚነግረን ነገር የለም።

በሳምንቱ ሌላ ትኬት በ50 ብር ቆረጠ። ጨዋታዎቹ አልተጀመሩም፣ ኦዶቹም አልተነቃነቁም። በዚያው ደቂቃ የካሽ አውቱን ዋጋ ተመለከተ፤ 44 ብር ይላል።