ሔዋን የደበቀቻቸው አሥራ አምስት ልጆች

አያቴ ይህን ታሪክ ስትነግረን ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን እንሰማታለን።

«ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ መጣ። እሷም ዓይን እንዳይበላቸው ፈራች። መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። ‹የደበቅሻቸው ተደብቀው ይቅሩ› አላት። ከነሱ ዛሮች መጡ፤ ከታዩት ደግሞ እኛ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሌቪ ስትሮስ ስማር ትዝ ያለኝ ይኸው ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት በ1955 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተረትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻ አታንብቡት ይላል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አድርጋችሁ ቁረጡት፣ እያንዳንዱን በአንድ ካርድ ጻፉ፣ የሚመሳሰሉትን በአንድ ዓምድ ደርድሩ።

እኔም የደብተር ወረቀት ቀድጄ ሞከርኩት። «ፈጣሪ ሊያይ መጣ» እና «የታዩት ሰው ሆኑ» በአንድ ዓምድ ገቡ። «ሔዋን ደበቀች» እና «የተደበቁት ዛር ሆኑ» በሌላው። አንድ ካርድ ግን ቦታ አጣ፤ «ዛር በሰው ወንድሙ ይቀናል፣ ገላው ላይ ይወጣበታል» የሚለው። ይህ ከሁለቱም ዓምድ አይደለም፣ ድልድይ ነው። ባለዛሩ ሰው በሚታይ ገላ የማይታየውን ያናግራል። ሌቪ ስትሮስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ተረቱ የማይታረቁ ሁለት ነገሮችን ያስቀምጥና መሃላቸው የሚቆም አስታራቂ ያመጣል።

ችግሩ እንዲህ ዓይነት ተቃራኒ ጥንድ ከየትም ፈልፍሎ ማውጣት መቻሉ ነው። ቀንና ሌሊት፣ ሴትና ወንድ፣ ምኑ ቅጡ! ትክክለኛውን የምንለየው አንዱን ቃል ለውጠን ታሪኩ ምን እንደሚሆን በማየት ነው። ደግነቱ ለውጡን ሌሎች ሠርተውልናል። በአይስላንድም ሔዋን ልጆቿን ትደብቃለች፤ ግን የደበቀቻቸው ያልታጠቡትን ነው፤ እግዚአብሔር እንዲህ ሆነው እንዳያያቸው አፍራ። እዚያም የተደበቁት «ስውር ሕዝብ» ሆነው ቀሩ። አወቃቀሩ አንድ ነው፣ ቆሻሻው በውበት ተተካ እንጂ። ስለዚህ የኛን ታሪክ የሚዘውረው ኀፍረት ሳይሆን ዓይን ነው። የአይስላንዷ ሔዋን ልጆቿ እንዳይናቁ ሰጋች፤ የኛዋ እንዳይመቀኙባት።

ካርዶቹ እስከዚህ አደረሱኝ። ቀጥሎ የረዳኝ ምልክቶችን ያጠናው ቪክቶር ተርነር ነው። ለአንድ ምልክት ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፦ ሰዎቹ ስለሱ ምን ይላሉ? ምን ያደርጉበታል? ከሌሎች ምልክቶች ጎን ሲቀመጥስ ምን ይሆናል? ምልክቴን መሸፈንን አደረግኩ። ሲጠየቁ «ለዓይን ነው» ይላሉ። በተግባር እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች፤ ሰው «ሲያምር!» ካላት ይከፋታል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን አስደነገጠኝ። በጥምቀት ታቦቱም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። እኛ ዘንድ መሸፈን ከክፉ ዓይን መከለል ብቻ አይደለም፣ ክቡር ነው ማለትም ነው። የተደበቁት ልጆች የተጣሉ አይደሉም፤ እጅግ የተወደዱት ናቸው።

ይህን ጽፌ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ አያቴ ታሪኩን መቼ እንደምትነግረን።

ታናሽ እህቴ ስትወለድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ዓይኖቿ ነበር። ከተወለደች ዓመት ሳይሞላት የክትባት ሠራተኛዋ መጥታ «ስንት ሕፃን አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አያቴ እህቴን በነጠላ ጠቅልላ ጓዳ አስገባቻት። «የለንም» አለች። በዓመቱ ኩፍኝ ገባ። እህቴ ተረፈች፤ ግን ጆሮዋ መግል ይዞ ከረመና በቀኝ ጆሮዋ መስማት አቆመች።

አያቴ የሔዋንን ታሪክ መናገር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። እህቴ በደህናው ጎኗ እንድትሰማ ሁሌ በስተግራዋ ትቀመጣለች።

ካርዶቼን እንደገና ዘርግቼ አየኋቸው። «ልታድናቸው ደበቀቻቸው» እና «ስለደበቀቻቸው አጣቻቸው»፤ ሁለቱን በተለያየ ዓምድ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አሁን አንድ ላይ አደረግኳቸው። በአያቴ አፍ ይህ ታሪክ የዛር አፈጣጠር ትምህርት አልነበረም፤ ንስሐ ነበር። ሰንጠረዡ ተረቱ በምን እንደተሠራ አሳየኝ። ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ጆሮ በኩል እንደሚናገረው ግን ምድጃው ዳር ላልተቀመጠ ሰው አይታይም።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ጠየቅኳት። «እምዬ፣ ሔዋን ጥፋተኛ ናት?»

እሳቱን ቆስቁሳ ትንሽ ዝም አለች። «ፈርታ ነው ልጄ» አለችኝ። «ግን ብትቆጥራቸው ይሻላት ነበር።»