የማልፈጽመውን ቃል ሰጥቼ ነበር

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ አንዲት ዘመዴ ልብስ ስፌት የምታስተምርበት ትንሽ ክፍል አላት። የቴሌግራም ቻናሏን የምጽፍላት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የለጠፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው!!! በ1 ወር ዲዛይነር ይሁኑ! 100% የሥራ ዋስትና! ታላቅ ቅናሽ! ቦታው እያለቀ ነው፣ ይፍጠኑ!»

ይህን አምና አንዲት እናት የጉሊት ሥራዋን ትታ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ መጣች። ወሩ ሲያልቅ «ወንድሜ፣ ሥራው የታለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሎች የሚጽፉትን ነው የጻፍኩት ብል ለእሷ ምን ይፈይድላታል? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክልም ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዘመዴ ጋር ተቀምጠን እያንዳንዱን ቃል «ይህን የሚጠይቀን ሰው ቢመጣ ምን እናሳየዋለን?» እያልን መረመርነው። «የመጀመሪያው» ለሚለው ማስረጃ የለንም፤ ወጣ። «ቅናሽ» እንዳንል የቀድሞ ዋጋ ኖሮን አያውቅም፤ በቦታው ትክክለኛው ክፍያ ገባ። «እያለቀ ነው» ለማስቸኮል ብቻ የተጻፈ ነበር፤ እውነቱ ግን ከ8 ሰው በላይ የማንቀበለው የስፌት መኪናችን 8 ስለሆነ ነው። ከሁሉም የከበደን «ዲዛይነር» የሚለውን መተው ነበር። በ1 ወር የሚቻለውን ስንዘረዝር ዝርዝሩ አጭር ሆነ፤ የማይቻለውንም አብረን ጻፍን። አዲሱ ማስታወቂያ እንዲህ ሆነ፦

«ለጀማሪዎች የልብስ ስፌት ሥልጠና፣ ጠመንጃ ያዥ። ለ1 ወር፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ልክ መውሰድ፣ ጉርድ ቀሚስ መቅደድና መስፋት፣ ዚፕ መግጠም ይማራሉ። ኮትና ሱሪ አይካተትም። በአንድ ዙር 8 ሰው እንቀበላለን። ክፍያው 4,000 ብር ነው፤ ጨርቅና መቀስ ሠልጣኙ ያመጣል። ሥራ አናስቀጥርም።»

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቦታ መጀመሪያ «ሥራ ሊገኝ ይችላል» ብለን ነበር። ለስላሳ ቢመስልም ያው የድሮው ተስፋ ስለሆነ ሰረዝነው። ረጋ ያለ ጽሑፍም በ«ሊሆን ይችላል» ተሸፍኖ ያታልላል።

የቀድሞውን ልጥፍ ቻናሉ ላይ ብቻ ማረምም አልበቃም። ቴሌግራም ላይ ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈው ቅጂ ዋናው ሲታረም አይለወጥም። ስለዚህ «የሥራ ዋስትና አለ ያልነው ሐሰት ነበር፤ ይህን አምነው የከፈሉ ገንዘባቸውን ይውሰዱ» የሚል ማረሚያ ለብቻው ለጠፍን። ለዚያች እናት የከፈለችውን መለስንላት። የተወችውን የጉሊት ቦታ ግን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሱን ልመልስላት አልቻልኩም።

እህቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ። የሌላ ሰው ማስታወቂያ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶችም፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን ቃል አምኖ ሥራውን የሚተው ሰው እንዳለ አስቡ።